የጠፉት ኦርደሮች የት ገቡ? አንድ የሀበሻ ልብስ ሱቅ የሽያጭ ቆጠራውን ከብራውዘር ወደ ሰርቨር ሲያዞር (የጉዳይ ጥናት)

## ሱቁ

ይሄ እኔ ራሴ የሰራሁበት ጉዳይ ነው። ባለቤቷ ቁጥሮቹን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟንና የሱቁን ስም ግን ትቼዋለሁ። ሱቁ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ የሀበሻ ልብስ በዌብሳይት ይሸጣል። ቀሚሱ ሽሮ ሜዳ ይሰራል፣ በሰው ወይ በካርጎ ይመጣል፣ ከዛ እሷና አንዲት ረዳቷ ቤዝመንት ውስጥ እያሸጉ በፖስታ ይልካሉ። የአንዱ ቀሚስ ዋጋ ከ180 እስከ 450 ዶላር ነው። ገዢዎቹ አብዛኞቹ አሜሪካ ያሉ ሀበሾች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደሞ ጀርመንና ስዊድን። ዌብሳይቱ ዎርድፕረስ ላይ በዎኮመርስ ነው የተሰራው። ለማስታወቂያ በወር ወደ 3,000 ዶላር ታወጣለች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ነው ሚሄደው።

ስለገዢዎቹ ሁለት ነገር ከመጀመሪያው መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከሶስት ጎብኚ ሁለቱ በአይፎን ነው ሚገቡት። ሁለተኛ፣ ይሄ ባዩት ቀን ሚገዛ እቃ አይደለም። ለሰርግ ወይ ለክርስትና ሚለበስ ቀሚስ ነው፣ ፎቶው ለእናት ይላካል፣ እህትማማቾች ግሩፕ ላይ ይከራከሩበታል፣ ቀለም ይመረጣል፣ ልክ ይለካል፣ ከዛ ከሳምንት ወይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ካርድ ከቦርሳ ሚወጣው።

## ችግሩ

ባለቤቷ የጁን ወር ሲያልቅ ደወለችልኝ። «ፌስቡክ 38 ሸጥኩልሽ ይለኛል፣ እኔ ግን በዚ ወር 212 ኦርደር ልኬያለሁ፣ አናሊቲክሱ ደሞ ሌላ ቁጥር ነው ሚለው፣ ማንን ልመን?» አለችኝ። የማስታወቂያውን በጀት በግማሽ ልትቆርጠው ተዘጋጅታ ነበር፣ በሷ ሂሳብ ማስታወቂያው ገንዘቡን አይመልስም። ጉግል አናሊቲክስ ላይ ስንገባ ከተመዘገቡት ሽያጮች ከግማሽ በላዩ Direct ሚል ስር ነው ያለው፣ ማለትም ሰውዬው ከየት እንደመጣ አልታወቀም ማለት ነው።

ጓደኞቿ «አፕል ትራኪንግ ዘግቶታል፣ ሰርቨር ሳይድ አስገቢ» ብለዋታል። ሰርቨር ሳይድ ማለት ሽያጩን ለፌስቡክ ሚናገረው የገዢዋ ብራውዘር መሆኑ ቀርቶ የሱቁ ሰርቨር ሲሆን ነው። ነገሩ ግማሹ ልክ ነው። ግን ምን እንደጠፋ ሳይቆጠር ምን እንደሚመለስ ማወቅ ስለማይቻል አንድም ኮድ ከመንካታችን በፊት ለመቁጠር ተስማማን።

## ኦርደር በኦርደር ቆጠርን

የዎኮመርስን ኦርደር ዝርዝር አወጣን፣ አናሊቲክሱ ያየውንም ዝርዝር አወጣን፣ ሁለቱ ላይ የኦርደር ቁጥር ስላለ አንድ ስፕሬድሺት ላይ ጎን ለጎን አርገን አመሳከርናቸው። ከ212ቱ 31ዱ በስልክ ታዘው በዜል የተከፈሉና ባለቤቷ ራሷ በእጇ ያስገባቻቸው ነበሩ፣ እነዚ ዌብሳይቱን ጭራሽ አልነኩም። ቀሪዎቹ 181 በዌብሳይት የተገዙ ናቸው። አናሊቲክሱ ያየው 152ቱን ነው። 29 ኦርደር ጠፍቷል።

29ኙን አንድ በአንድ ስናያቸው 17ቱ በአንድ አይነት የክፍያ መንገድ የተከፈሉ ሆነው ተገኙ፣ ደንበኛዋን ወደ ራሱ ገጽ ወስዶ ካስከፈለ በኋላ ወደ ሱቁ ሚመልስ አይነት ማለት ነው። ሰዎቹ «ክፍያዎ ተሳክቷል» ሚለውን እዛው ያያሉ፣ ዊንዶውን ይዘጋሉ፣ ወደኛ «እናመሰግናለን» ገጽ አይመለሱም። ሽያጩን ሚናገረው ኮድ ያለው ደሞ እሱ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚ ከጠፋው ከግማሽ በላዩ ከአፕልም፣ ዌብሳይቶች ብራውዘር ውስጥ ከሚያስቀምጡት ማስታወሻ ከኩኪም ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። 5ቱ ጀርመንና ስዊድን ሆነው ለክትትል ፈቃድ አንሰጥም ያሉ ናቸው። 7ቱን ማረጋገጥ አልቻልንም፣ አድ ብሎከር ሳይሆን አይቀርም።

እዚ ጋ ሁለት አይነት መጥፋት እንዳለ ልብ በሉ፣ ሰው ሁሌ ሚያደባልቃቸው እነሱን ነው። አንዱ ሽያጩ ራሱ ሳይታይ ሲቀር ነው፣ 29ኙ እንደዛ ናቸው። ሌላው ሽያጩ ታይቶ መነሻው ሲጠፋ ነው። ከ152ቱ 83ቱ Direct ተብለዋል፣ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሰርቨር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል፣ ሁለተኛውን ግን በከፊል ብቻ ነው ሚመልሰው፣ እሱም ሰውዬዋ መጀመሪያ በገባችበት ደቂቃ የሆነ ነገር አስቀምጠን ከነበረ ነው።

## አይፎኑ ውስጥ ያየነው

መነሻው ለምን እንደሚጠፋ ለማየት አይፎኔን ከማክ ጋር በገመድ አገናኝቼ የሳፋሪን ዌብ ኢንስፔክተር ከፈትኩ። መጨረሻው ላይ fbclid፣ ማለትም ፌስቡክ ለእያንዳንዱ ክሊክ ሚቀጥለው መለያ፣ ያለበት የማስታወቂያ ሊንክ አዘጋጅቼ ለራሴ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ከዛ በሳፋሪ ገባሁበት። Storage ውስጥ Cookies ሚለውን ስከፍት _fbc ሚባለው ኩኪ ማብቂያ ቀኑ በማግስቱ ነው። ይሄ የማስታወቂያውን ክሊክ ይዞ ሚቆየው ኩኪ ነው፣ ፒክስሉ፣ ማለትም ገጹ ላይ ያለው የፌስቡክ መከታተያ ኮድ፣ ሲጽፈው 90 ቀን ብሎ ነው ሚጽፈው፣ ሳፋሪ ግን 24 ሰአት አረገው። በቀጥታ አድራሻውን ጽፌ ስገባ ደሞ _ga 7 ቀን ብቻ ተሰጠው፣ አናሊቲክስ ሁለት አመት ነው ሚጠይቀው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አፕል በፈረንጆች 2017 ሳፋሪ ላይ ኢንተለጀንት ትራኪንግ ፕሪቬንሽን ሚባለውን የክትትል መከላከያ አስገባ፣ በ2019 በጃቫስክሪፕት ሚጻፍ ማንኛውም ኩኪ ከ7 ቀን እንዳይበልጥ አረገ፣ እዛው አመት ላይ ደሞ ሰውዬው ሰው ይከታተላል ተብሎ ከተፈረጀ ዌብሳይት እንደ fbclid አይነት ጭራ ባለው ሊንክ ከመጣ ወደ 24 ሰአት አወረደው። በማርች 2020 የሌላ ዌብሳይትን ኩኪ ጨርሶ ዘጋ። በኤፕሪል 2021 አይኦኤስ 14.5 ሲመጣ አፖች ከመከታተላቸው በፊት እንዲጠይቁ ተገደዱ። ጉግል ክሮም ላይ የሶስተኛ ወገን ኩኪ እናጠፋለን ሲል ከርሞ ጁላይ 2024 ሀሳቡን ሲቀይር ብዙ ሰው «ተገላገልን» ብሎ ነበር፣ ግን ደንበኞቿ አይፎን ለሆኑባት ለዚች ሴትዮ የክሮም ውሳኔ ብዙም ሚቀይርላት ነገር የለም።

የቀሚሱን ገዢ በዚ አይን እዩት። አርብ ክሊክ ታረጋለች፣ በ12ኛው ቀን ትገዛለች። አርብ የተጻፈው ቅዳሜ ጠፍቷል። በ12ኛው ቀን የገባችው ሴት ለአናሊቲክሱ አዲስ ሰው ናት።

ከዚ የባሰም አለ፣ እሱን ያወቅነው ከኮድ ሳይሆን ከሰው ነው። ባለቤቷ አንዷን ደንበኛ ደውላ «እህቴ፣ እንዴት አገኘሽን?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ኢንስታግራም ላይ እንዳየችው፣ ነክታው ትንሽ እንዳየች፣ ፎቶውን ስክሪንሾት አርጋ ለእናቷ እንደላከች፣ ከዛ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሱቁን ስም ሳፋሪ ላይ ጽፋ እንደገዛች ነገረቻት። ኢንስታግራም ውስጥ ስትነኩት ሚከፈተው ብራውዘር የኢንስታግራም የራሱ ነው፣ ኩኪው ከሳፋሪ ጋር አይገናኝም። ስለዚ ኩኪው መቶ አመት ቢቆይ እንኳን ሁለቱን አያገናኛቸውም።

## ያረግነው

ሽያጩን ሰርቨሩ እንዲናገር ማረግ። የ«እናመሰግናለን» ገጹን መጠበቅ ትተን ክፍያው መድረሱን ዎኮመርስ ሲያውቅ (woocommerce_payment_complete ሚባለው ቦታ ላይ) ሰርቨሩ ራሱ ለኮንቨርዥንስ ኤፒአይ፣ ማለትም ፌስቡክ ከሰርቨር ሚላክን ሽያጭ ለሚቀበልበት በር፣ እንዲልክ አረግን። 17ቱን አይነት ኦርደር ሚይዘው ይሄ ነው፣ ደንበኛዋ ዊንዶውን ብትዘጋም ክፍያው ለሰርቨሩ ይነገረዋል።

ሰርቨሩ የሚጽፈው ኩኪ። የሳፋሪ የ7 ቀን ገደብ በጃቫስክሪፕት ለተጻፈ ኩኪ ነው፣ ሰርቨር በሚልከው መልስ ውስጥ የተጻፈ ኩኪን በዛ ገደብ አይቆርጠውም። መጀመሪያ የሞከርነው ክላውድ ላይ የመከታተያ ኮዶቹን ሚያስተናግድ የተለየ የታግ ሰርቨር ተክለን በሳብዶሜይን ማገናኘት ነበር። አልሰራም። ኩኪው አሁንም 7 ቀን ነበር ሚለው። ከሳፋሪ 16.4 ጀምሮ ኩኪውን የጻፈው ሰርቨር አይፒ አድራሻ የመጀመሪያው ግማሽ ከዋናው ዌብሳይት አድራሻ የመጀመሪያ ግማሽ ጋር ካልገጠመ ሳፋሪ እንደ ሌላ ሰው ቆጥሮ ወደ 7 ቀን ያወርደዋል፣ የኛ ዌብሳይት ሌላ ቦታ ሆስት ተደርጎ የታግ ሰርቨሩ ክላውድ ላይ ስለነበር አልገጠሙም። ስለዚ ሳብዶሜይኑን ትተን ዋናው ዌብሳይት ራሱ እንዲጽፈው አረግን፦

```php
$id = $_COOKIE['suk_id'] ?? bin2hex(random_bytes(16));
setcookie('suk_id', $id, [
  'expires'  => time() + 180 * 86400,
  'path'     => '/',
  'secure'   => true,
  'httponly' => true,
  'samesite' => 'Lax',
]);
```

ይሄን መጀመሪያ ገጹ ሲከፈት እንዲሰራ አርገነው ለአንዳንድ ሰው ይጻፋል ለአንዳንድ ሰው አይጻፍም። ገጾቹ ለፍጥነት ተብሎ ተዘጋጅተው ተቀምጠው ስለሚሰጡ ኮዱ ጭራሽ አይነሳም ነበር። ለብቻው አንድ ትንሽ አድራሻ ሰጠነው፣ ያ አድራሻ እንዳይቀመጥ አዘዝን፣ ገጹ ከተከፈተ በኋላ እሱን ይጠራዋል። በዛው ቅጽበት fbclid ወይ ሌላ የዘመቻ ምልክት ካለ ከ suk_id ጋር የራሳችን ዳታቤዝ ውስጥ ከነሰአቱ ይቀመጣል። ኦርደር ሲመጣ ያው suk_id ኦርደሩ ላይ ይጻፋል። በቃ፣ ክሊኩን ከኦርደሩ ሚያገናኘው ይሄ ሰንጠረዥ ነው፣ ከሰራነው ሁሉ ትልቁን ዋጋ ያመጣውም እሱ ነው።

ኢሜይልና ስልክ። ፌስቡክ ሰውዬዋን ሚያውቃት ካስገባችው ኢሜይልና ስልክ ነው፣ ሁለቱም በ SHA-256 ሃሽ ወደሚባል ሚስጥራዊ ኮድ ተለውጠው ነው ሚላኩት። ከመለወጡ በፊት ማጽዳት ግዴታ ነው። አንዷ ኢሜይሏን በትልቅ ፊደል ጀምራ መጨረሻ ላይ ስፔስ ብታስገባ ሚወጣው ሃሽ ጨርሶ ሌላ ነው፣ ማንም ጋ አይገጥምም። ስልክ ደሞ (202) 555-0143 ተብሎ ከተጻፈ 12025550143 መሆን አለበት፣ የአገር ኮዱን ጨምሮ ቁጥር ብቻ። የሱቁ ደንበኞች አንዳንዴ የተቀባይዋን፣ ኢትዮጵያ ያለች የዘመዳቸውን፣ ቁጥር ነው ሚጽፉት፣ በ 09 ሚጀምር። እሱ ላይ 1 ከቀጠልንበት የማይኖር ቁጥር ፈጠርን ማለት ነው፣ ስለዚ በ 09 ሚጀምረውን ጭራሽ እንዳይላክ አረግነው፣ የገዢዋ ስላልሆነ።

## የተበላሸው

የመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቷ በደስታ ደወለች፣ ሽያጭ ከፍ ብሏል፣ በጀት ልጨምር አለች። ፌስቡክ ኢቨንትስ ማናጀር ውስጥ ስገባ በዛ ሳምንት 69 ግዢ ተቀብያለሁ ይላል። ዎኮመርስ ላይ ያለው 41 ነው። ፌስቡክ የተቀበለው ግዢ ከሱቁ ጠቅላላ ኦርደር ከበለጠ ድርብ ቆጠራ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ብራውዘሩም ሰርቨሩም እንዲልኩ አርገን ነበር፣ ያ በራሱ ልክ ነው፣ ፌስቡክ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሚያውቀው ግን የኢቨንቱ ስምና መለያው event_id አንድ ሲሆን ነው። የኛ ብራውዘር order_1043 ብሎ ይልካል፣ ሰርቨሩ 1043 ብሎ ይልካል። አንድ አረግናቸው፣ በማግስቱ ቁጥሩ ወረደ። በጀቱን ጨምራ ቢሆን ኖሮ በሌለ ሽያጭ ላይ ነበር ምትከፍለው።

ሁለተኛው ስህተት ለማየት ይከብዳል። ከሰርቨር የተላኩት ግዢዎች ፌስቡክ ጋ ከሰው ጋር በደንብ አይገጥሙም፣ ኢቨንት ማች ኳሊቲ ሚባለው ነጥብ ከተጠበቀው ዝቅ ብሎ ቀረ። የተላኩትን መልእክቶች ሙሉ አውጥቼ ሳነባቸው client_ip_address ለሁሉም ደንበኛ አንድ አይነት ነው። የደንበኛዋ አይደለም፣ የክፍያ ድርጅቱ ነው! ክፍያው መድረሱን ለሰርቨራችን ሚነግረው የክፍያ ድርጅቱ ኮምፒውተር ስለሆነ በዛ ሰአት «አሁን ማን ጠራኝ» ብሎ ሚወስደው አድራሻ የሱ ነው፣ ብራውዘር ተብሎ ሚላከውም የሱ ነው። ዎኮመርስ የደንበኛዋን አይፒና ብራውዘር ኦርደሩ ሲፈጠር ያስቀምጣል፣ ከዛ እንዲያነብ አረግነው። ክሊኩንም ከሰንጠረዣችን አውጥተን fbc በሚፈልገው ቅርጽ አብረን ላክን፦

```
fb.1.<ክሊኩ የተደረገበት ሰአት በሚሊሰከንድ>.<fbclid>
```

## ፈቃድ ያልሰጡት

ጀርመንና ስዊድን ያሉት እምቢ ሲሉ ምን እናርግ ሚል ጥያቄ መጣ። ዌብሳይቱን የሰራው ልጅ «ከሰርቨር ስለሚላክ ብራውዘሩ ላይ አይታይም፣ እንላከው» አለ። አልተስማማሁም። የአውሮፓ ህግ የሰውን መረጃ ያለፈቃድ ለማስታወቂያ ማስተላለፍን ነው ሚመለከተው፣ በየት በኩል ወጣ ሚለው አይለውጠውም፣ ሃሽ የተደረገ ኢሜይልም የሰው መረጃ መሆኑ አይቀርም። ከህጉ በፊት ደሞ ሴትዮዋ እምቢ ብላለች፣ ሰማን፣ አለቀ። ኮዱ ላይ ፈቃድ ከሌለ suk_id አይጻፍም፣ ሰርቨሩም አይልክም። በስልክ የታዘዙትንም ባለቤቷ ወደ ፌስቡክ እንዳይላኩ ወሰነች፣ ደውለው ሲያዙ ይሄን የነገራቸው ሰው የለም። ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ።

## የተመለሰውና ያልተመለሰው

ኦክቶበርን ሙሉውን ለካን። በአጠቃላይ 198 ኦርደር፣ 27ቱ በስልክ፣ 171ዱ በዌብሳይት። 6ቱ ፈቃድ አልሰጡም፣ የቀሩት 165ቱ በሙሉ በሰርቨር ተልከዋል። ስለዚ ሽያጭ ሳይታይ መቅረት ሚባለው ፈቃድ ካልሰጡት በስተቀር ተዘግቷል። ፌስቡክ የኔ ነው ያለው ከ38 ወደ 57 ወጣ፣ ማስታወቂያው ግን በዛው ብር ነው የሄደው።

ባለቤቷ «ማስታወቂያው ተሻሻለ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። ኦርደሯ እንዲያውም ከጁን በ14 ያንሳል። የተለወጠው ሚታየው መጠን ነው። የጁንን 38 ከኦክቶበር 57 ጋር አወዳድሮ እድገት ማለት ስህተት ነው፣ ሪፖርቱ ላይ መለኪያው የተቀየረበትን ቀን በቀይ መስመር አሰመርንበት።

መነሻው ያልታወቀ ደሞ በራሳችን ሰንጠረዥ ከ165ቱ 64 ሆነ። ከጁኑ 83 ከ152 ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፣ ያ የአናሊቲክስ ቆጠራ ነበር፣ ግን ከግማሽ በላይ የነበረው ወደ ከአስር አራት መውረዱን ያሳያል። ከተገኙት ውስጥ 22 ኦርደሮች ክሊካቸው ከግዢው ከ8 ቀን በላይ ቀድሞ የተደረገ ነው። እነዚን ፌስቡክ በምንም መንገድ የኔ አይላቸውም፣ ምክንያቱም ሱቁ ሚጠቀመው የፌስቡክ ቆጠራ ከክሊክ በኋላ 7 ቀን ብቻ ነው ሚያየው። ቀሚስ ለሚሸጥ ሰው እነዚ 22ቱ ብቻ በጀቱን ላለመቁረጥ በቂ ነበሩ፣ ሚታዩት ደሞ የራሷ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነው።

ኢንስታግራም ውስጥ አይታ በሳፋሪ የገዛችውን ግን የኛ ሰንጠረዥ አላገኛትም፣ አያገኛትምም። ለሷ ቼክአውት ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርን፣ «መጀመሪያ የት አዩን?» ሚል፣ መመለስ ግዴታ አይደለም። ከ64ቱ 47ቱ መለሱ። 19ኙ ኢንስታግራም ወይ ፌስቡክ አሉ፣ 23ቱ ዘመድ ወይ ጓደኛ ነገረኝ አሉ፣ 5ቱ ሌላ። ይሄ ባለቤቷን ከሁሉ በላይ ያስገረማት ነው። Direct ውስጥ ተደብቆ የነበረው በሙሉ የጠፋ ማስታወቂያ መስሏት ነበር፣ ከመለሱት ግማሽ ያህሉ ግን ሰርግ ላይ ቀሚሱን አይተው «የት ገዛሽው?» ብለው የመጡ ናቸው።

## ሌላ ሱቅ ላይ ቢሆን

ከዚ ጉዳይ እኔ ለሌላ ስራ ይዤው የሄድኩት ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ኦርደር በኦርደር ማመሳከር፣ ምክንያቱም እዚ 17ቱ እንደታየው ችግሩ ከክፍያ ገጽ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደሞ በአንድ ቀን ስራ ይስተካከላል። ከዛ ክሊኩን ሰውዬው በገባበት ቅጽበት ራስ ጋ ማስቀመጥ፣ ዛሬ ያልተቀመጠ ክሊክ ነገ ምን ሰርቨር ቢተከል አይመለስም። ሰርቨር መትከሉ በሶስተኛ ደረጃ ነው ሚመጣው። ቶሎ ሚገዛ እቃ ለሚሸጥ፣ ለምሳሌ በርበሬና ሽሮ፣ የ180 ቀኑ ኩኪ ብዙም አይጠቅመውም፣ እሱ የክፍያውን ክፍል ብቻ ቢሰራ ይበቃዋል።

አሁን ረዳቷ ሰኞ ሰኞ ሶስት ቁጥር ትጽፋለች፣ ዎኮመርስ ላይ ያለውን፣ ሰርቨሩ የላከውን፣ ፌስቡክ ተቀበልኩ ያለውን። ሶስተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ ያኔውኑ ትደውልልኛለች። ዲሴምበር ላይ አንዴ ደውላለች፣ አንድ ፕለጊን ራሱን አፕዴት አርጎ የራሱን event_id መላክ ጀምሮ ነበር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያዝነው።